የባሕር ኮከቡን ከድንጋዩ ላይ ሲያነሱት፦ ከማስወገድ ሙከራ አሳማኝ ድርሰት እንዴት ይጻፋል?

ስለ አዳኝ እንስሳት የሚጻፉ ድርሰቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። «አዳኞች ለተፈጥሮ ሚዛን ወሳኝ ናቸው» ብለው ይነሣሉ። ከዚያ ተኩላው፣ ሻርኩ፣ የባሕር ኦተሩ ይደረደራል። መጨረሻ ላይ «ስለዚህ አዳኞችን እንጠብቅ» ይባላል። አንባቢው አይቃወምም፤ ግን አልተረታም። ማስረጃው ሁሉ እንደ ሽሮ እህል አብሮ ስለተፈጨ የትኛው ጥናት ምን እንዳረጋገጠ አይለይም።

የማስወገድ ሙከራ ነገሩ ቀላል ነው። አንድን ዝርያ ከተወሰነ ቦታ ያነሳሉ፣ ጎኑ ያለውን ቦታ እንዳለ ይተዋሉ፣ ከዚያ በሁለቱ መካከል የሚመጣውን ልዩነት ይከታተላሉ። ለማሳመን ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ጥሬ ዕቃ ማግኘት ይከብዳል። ችግሩ አደራደሩ ላይ ነው። እዚህ በአንድ ሙከራ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሌሎቹን የምጠራው እሱን ለማገዝ ሲያስፈልጉ ብቻ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሙከራውን በቦታው እዩት

ቦታው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ያለው ሙካው ቤይ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ውሃ የሚሸፍነው፣ ሲጎድል የሚገለጥ ድንጋያማ ዳርቻ ነው። ድንጋዩ ላይ ብዙ ነገር ተጣብቆ ይኖራል፦ ሙሰል የሚባሉት ባለ ሁለት ዛጎል እንስሳት፣ ባርናክል የሚባሉ ትንንሽ ባለ ዛጎል እንስሳት፣ የተለያዩ አልጌዎች፣ ካይተን የሚባሉ አልጌ የሚግጡ ባለ ዛጎል እንስሳት። በእነዚህ ላይ ፒሳስተር የሚባል የባሕር ኮከብ እየተሳበ ያድናል። ሙሰሉን በእጆቹ ይዞ ዛጎሉን ፈልቅቆ ይበላል።

በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሮበርት ፔይን ከጁን 1963 ጀምሮ ስምንት ሜትር ርዝመትና ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው የዳርቻ ክፍል መረጠ። ከዚያ ላይ የባሕር ኮከቦቹን እየፈነቀለ ያነሳ ጀመር። ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አልነበረም። ኮከቦቹ ከአካባቢው ተመልሰው ስለሚመጡ ደጋግሞ ማጽዳት ነበረበት። ጎኑ ያለውን ክፍል ግን አልነካውም።

በሴፕቴምበር ባርናክሎች ከቦታው 60 እስከ 80 በመቶ ይዘው ነበር። በቀጣዩ ጁን ደግሞ ባርናክሎቹ ራሳቸው በፍጥነት በሚያድጉ ትንንሽ ሙሰሎችና የዝይ አንገት በሚመስሉ ሌሎች ባርናክሎች ይገፉ ጀመር። ፔይን ውጤቱን በ1966 ሲያወጣ 15 ዝርያዎች የነበሩበት ማኅበር ወደ 8 ወርዶ ነበር። የጎኑ ክፍል መልኩ አልተለወጠም።

እዚህ ውስጥ ድርሰቱን የሚሸከም አንድ ዝርዝር አለ፤ ብዙ ሰው አንብቦ ያልፈዋል። ካይተኖቹ ከፒሳስተር ምግቦች መካከል ናቸው። አዳኛቸው ሲነሳ ይበዛሉ ብለን ነበር የምንጠብቀው። እነሱ ግን ቦታና ምግብ ስላጡ ለቀው ሄዱ። አልጌዎቹን ደግሞ ፒሳስተር ጨርሶ አይበላቸውም፤ እነሱም ቦታ አጥተው ተመናመኑ። አዳኙ ተነስቶ ታዳኙ ከተጎዳ፣ በመካከል ሌላ ነገር እየሠራ ነው ማለት ነው። ይህን ዝርዝር ያዙት፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

ለእያንዳንዱ ጥናት አንድ ወረቀት

መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ለምትጠቅሱት ለእያንዳንዱ ጥናት አንድ ገጽ ያዙና እነዚህን መልሱ፦

- የተነሳው ምንድን ነው? በምን ዘዴ?
- ቦታው ምን ያህል ነው? ስንት ቦታ ላይ ተደገመ?
- ያልተነካ ማነጻጸሪያ አለ? የት?
- ምን ያህል ጊዜ ቆየ?
- ምን ተለወጠ? በምን ቅደም ተከተል?
- ለውጡ ከአዳኙ ወደ ሌላው የሄደው በየት በኩል ነው?

ዘዴውን አቅልላችሁ አትዩት። ፔይን በእጅ ነው ያነሳው። ሌሎች ተመራማሪዎች አዳኙን በመረብ ወይም በሽቦ ቤት ያግዳሉ። የሽቦ ቤት ደግሞ ብርሃን ይቀንሳል፣ ውሃውን ያረጋጋል። ለውጡን ያመጣው የአዳኙ መቅረት ይሁን የሽቦው መኖር በምን ይታወቃል? ጥንቁቅ ተመራማሪ ግማሽ ጎኑ ክፍት የሆነ ሽቦ ቤትም ይጨምራል፤ አዳኙ እየገባ የሽቦው ተጽዕኖ ግን እንዳለ ይቆያል። በምታነቡት ጥናት ውስጥ ይህ ከሌለ ወረቀታችሁ ላይ ጻፉት።

«ስንት ቦታ ላይ ተደገመ?» የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። በአንድ የጸዳ ክፍል ውስጥ መቶ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ቢቆጠሩ መቶ ሙከራ አይሆኑም። ሙከራው አንድ ነው፤ መቶ ጊዜ ተለክቷል። የፔይን የ1966 ጽሑፍ በዚህ ሚዛን ሲታይ አንድ የጸዳ ክፍልና አንድ ማነጻጸሪያ ነው። ይህን ወረቀቱ ላይ በግልጽ አስፍሩት። ተቃዋሚያችሁ የሚይዛችሁ እዚህ ጋ ነውና ቀድማችሁ እወቁት።

መንገዱን ለዩ፤ ሁለቱን አታምታቱ

እኔ ድርሰት ስመለከት መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ነው። «ቁልፍ አዳኝ» እና «ትሮፊክ ካስኬድ» እንደ አንድ ነገር እየተቀያየሩ ከተጻፉ፣ ጸሐፊው ማስረጃውን ገና አልለየውም።

ቁልፍ ዝርያ የሚባለው ከብዛቱ ጋር ሲነጻጸር ከሚገባው በላይ ትልቅ ተጽዕኖ ያለው ነው። ስሙን ፔይን ራሱ በ1969 ነው ያወጣው። ቃሉ ስለ ተጽዕኖው መጠን ይናገራል፤ ተጽዕኖው በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን አይናገርም። ትሮፊክ ካስኬድ ደግሞ መንገድ ነው። አዳኙ ዕፅ በሉን ይቀንሳል፣ ዕፅ በሉ ሲቀንስ ዕፅዋቱ ይበዛሉ። ተጽዕኖው በምግብ ሰንሰለቱ ላይ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል።

የፔይን ውጤት በየት በኩል ሄደ? ሙሰል አልጌ አይግጥም። ከውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነገሮችን አጣርቶ ነው የሚበላው። አልጌዎቹን ያጠፋቸው በልቷቸው ሳይሆን ድንጋዩን ቀምቷቸው ነው። በዚያ ዳርቻ ላይ የሚያጣላው ቦታ ነው። ፒሳስተር በቦታ ፉክክር አሸናፊ የሚሆነውን ሙሰል እየበላ ለሌሎቹ ክፍት ድንጋይ ያተርፍላቸዋል። ካይተኖቹ አዳኛቸው ሄዶላቸው የተጎዱት ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሙካው ቤይን ሙከራ «የትሮፊክ ካስኬድ ማረጋገጫ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ጉዳዩን የሚያውቅ አንባቢ እዚያው ያቆማችኋል። የቁልፍ አዳኝ ማረጋገጫ ነው። ለካስኬዱ ሌላ ምስክር ጥሩ።

በብዛት የሚጠራው ምስክር የባሕር ኦተር የሚባለው ባለ ፀጉር አጥቢ እንስሳ ነው። ኦተር የባሕር ጃርት ይበላል፤ የባሕር ጃርት ኬልፕ የሚባለውን ትልቅ የባሕር አልጌ ይበላል። ጄምስ ኢስቴስና ጆን ፓልሚሳኖ በ1974 በአላስካ የአሉሺያን ደሴቶች ያዩትን አወጡ። ኦተር በብዛት ባለበት በአምቺትካ የኬልፕ ደን ነበር። ኦተር በሌለበት በሺምያ የባሕር ጃርቱ ወለሉን ሸፍኖታል፤ ኬልፑም ጠፍቷል። ይህ በትክክል ሦስት ደረጃ ያለው ሰንሰለት ነው።

ግን ልብ በሉ፤ ኦተሩን ያነሳው ተመራማሪ አይደለም። በፀጉሩ ምክንያት ያደኑት ነጋዴዎች ናቸው፤ አደኑም በ1911 በተደረገ ስምምነት ነው የቆመው። ሁለቱ ደሴቶች ከኦተር ሌላ የሚለያዩበት ነገር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መንገዱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ማነጻጸሪያው ግን ከፔይን ይላላል። ፔይን ጋ ግልባጩ ነው፦ ማነጻጸሪያው ጥብቅ፣ መንገዱ ግን ሌላ። እያንዳንዱ ጥናት አንድ ነገር ላይ ጠንካራ፣ አንድ ነገር ላይ ደካማ ነው። ድርሰታችሁ የሚሠራው ይህን አውቃችሁ ስታስቀምጡ ነው።

ደረጃዎቹንም ቁጠሩ። ሜሪ ፓወር በካሊፎርኒያ ኢል ወንዝ ውስጥ ዓሦችን በመረብ አጥር አስገብታና አግዳ በ1990 ያወጣችው ውጤት ከኦተሩ ተቃራኒ ይመስላል። ዓሣ ባለበት አልጌው አነሰ፤ ዓሣ በሌለበት ግን በዛ። ምክንያቱ ሰንሰለቱ አራት ደረጃ መሆኑ ነው። ዓሦቹ ትንንሽ አዳኞችን ይበላሉ፣ ትንንሾቹ አዳኞች ሲቀንሱ አልጌ የሚበሉ የዝንብ እጮች ይበዛሉ። «አዳኝ ካለ አረንጓዴው ይበዛል» ብሎ በጅምላ የጻፈ ሰው እዚህ ወንዝ ላይ ይወድቃል።

መከራከሪያውን ሊሸነፍ በሚችል መልኩ ጻፉት

«አዳኞች ጠቃሚ ናቸው» የሚለውን ማንም ሊያፈርሰው አይችልም፤ ስለዚህ ማንንም አያሳምንም። አንድ ሙከራ ሊገለብጠው የሚችል ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። ለምሳሌ፦

«አንድ አዳኝ በቦታ ፉክክር የሚያሸንፈውን ዝርያ አዘውትሮ የሚበላ ከሆነ፣ የአዳኙ መነሳት አዳኙ የማይበላቸውን ዝርያዎች ጭምር ያጠፋል።»

ይህ ሊሸነፍ ይችላል። ፒሳስተር ተነስቶ አልጌዎቹ እንዳሉ ቢቀሩ ኖሮ ዓረፍተ ነገሩ አብቅቶለት ነበር። «ከሆነ» የምትለዋንም አትጣሏት፤ በኋላ ከተቃውሞ የምታድናችሁ እሷ ናት።

ማስረጃውን በምን ቅደም ተከተል?

ብዙዎች በዓመተ ምሕረት ይደረድራሉ፤ ያ ታሪክ ይሆናል። እኔ የምመክረው የአንባቢውን ጥርጣሬ መከተል ነው። አንባቢው በመጀመሪያ «በእርግጥ ተለወጠ ወይ?» ይላል። ቀጥሎ «ለውጡ ያለ እናንተም ይመጣ የነበረ ቢሆንስ?» ይላል። ከዚያ «እንዴት?» ይላል። መጨረሻ ላይ «እዚያ ቦታ ብቻ ቢሆንስ?» ይላል። አንቀጾቹን በዚሁ ልክ አሰልፏቸው።

በተግባር እንየው። ይህ ደካማው ረቂቅ ነው፦

«ፔይን የባሕር ኮከብን በማስወገድ የዝርያዎች ቁጥር ከ15 ወደ 8 እንደሚወርድ አረጋግጧል። ይህም አዳኞች ለብዝኃ ሕይወት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆኑ ያሳያል።»

ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን ማነጻጸሪያው የለም፤ ጊዜው የለም፤ መንገዱ የለም። ከአንድ ዳርቻ ተነስቶም «አዳኞች» ወደሚል ጅምላ ዘሏል። አሁን የተስተካከለው፦

«ፔይን ከ1963 ጀምሮ በሙካው ቤይ ስምንት ሜትር ከሚረዝም የድንጋይ ዳርቻ ላይ ፒሳስተርን እየደጋገመ አነሳ። ከጎኑ ያለው፣ ኮከቡ ያልተነካበት ዳርቻ መልኩን አልለወጠም። በጸዳው ክፍል ግን መጀመሪያ ባርናክል፣ በዓመቱ ደግሞ ሙሰል ድንጋዩን ይይዝ ጀመር፤ ከ15 ዝርያዎች የቀሩት 8 ናቸው። ከተጎዱት መካከል ፒሳስተር የማይበላቸው አልጌዎች አሉ፤ ፒሳስተር የሚበላቸው ካይተኖችም አሉ። መበላት ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ባልተነኩ፣ ሁለተኞቹም በበዙ ነበር። ሁለቱም የተጎዱት ሙሰሉ ቦታቸውን ስለወሰደባቸው ነው።»

ርዝመቱ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኗል፤ ግን አንባቢው የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለም። በተለይ «ቢሆን ኖሮ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆም በሉ። ሌላ ማብራሪያ ካለ ምን ማየት እንደነበረብን ይናገራል፤ ያ እንዳልታየም ያሳያል። በእያንዳንዱ ዋና ማስረጃ ሥር አንድ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ካላገኛችሁ፣ ማስረጃው የሚናገረውን ገና አላወጣችሁትም።

ተቃውሞውን ራሳችሁ አንሱት

«አንድ ቦታ፣ አንድ ሙከራ ነው» የሚለው ተቃውሞ እውነተኛ ነው። አትደብቁት፤ መልሱት። ፔይን በ1971 ያወጣው የኒውዚላንድ ሥራ አለ። እዚያ ኮከቡም ሙሰሉም ሌሎች ዝርያዎች ናቸው፤ ኮከቡ ሲነሳ ግን ሙሰሉ ዳርቻው ላይ ተስፋፋ፣ የዝርያ ቁጥርም ቀነሰ። ተመሳሳይ መንገድ በሌላ አገር ዳርቻ፣ በሌሎች ዝርያዎች መታየቱ እዚያው ሙካው ቤይ ላይ ሌላ ክፍል ከማጽዳት የበለጠ ይመዝናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ብሩስ ሜንጅና ባልደረቦቹ በኦሪገን ዳርቻ ፒሳስተርን በበርካታ ቦታዎች እያነሱ በ1994 ያወጡት ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። ማዕበል በሚመታቸው ቦታዎች የኮከቡ ተጽዕኖ ብርቱ ነበር። ከማዕበል በተከለሉት ቦታዎች ግን ደካማ ሆኖ ተገኘ። ያው ዝርያ አንድ ቦታ ቁልፍ ነው፣ ጥቂት ራቅ ብሎ ግን አይደለም።

ብዙ ጸሐፊ ይህን ሲያገኝ ይደነግጥና በዝምታ ያልፈዋል። እኔ ግን ከድርሰቱ ምርጥ አንቀጾች አንዱ እዚህ አለ ባይ ነኝ። ያቺን «ከሆነ» አስታውሱ። መከራከሪያችን «ፒሳስተር ሁሉም ቦታ ቁልፍ ነው» አላለም። አዳኙ አሸናፊውን ዝርያ አዘውትሮ ሲበላ ነው ያለው። የኦሪገኑ ውጤት ደንቡ በየት ብርቱ፣ በየት ደካማ እንደሚሆን ወሰኑን ያሰምርልናል። አንቀጹን እንዲህ መጀመር ይቻላል፦ «ፒሳስተር በሁሉም ዳርቻ ቁልፍ አዳኝ አይደለም። በኦሪገን ከማዕበል በተከለሉ ቦታዎች ሲነሳ የታየው ለውጥ ትንሽ ነው።» ራሱ ጸሐፊው ሲናገረው የሰማ አንባቢ ቀጥሎ ለሚመጣው ነገር ጆሮውን ይሰጣል።

ለኦተሩም እንዲሁ። «ደሴቶቹ በሌላ ነገር ቢለያዩስ?» ለሚለው በ1998 የወጣው የኢስቴስና የባልደረቦቹ ጥናት ጥሩ መልስ ነው። በ1990ዎቹ በዚያው አካባቢ ኦተሮቹ ቁልቁል ወረዱ፤ ተመራማሪዎቹ ገዳይ ዓሣ ነባሪዎች ሳይበሏቸው አይቀርም አሉ። ኦተሩ ሲቀንስ የባሕር ጃርቱ ጨመረ፣ ኬልፑ ቀነሰ። አሁን ንጽጽሩ ደሴት ከደሴት መሆኑ ቀርቶ ያው ቦታ በፊትና በኋላ ሆነ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ የአንዱን ቀዳዳ ሌላው ይደፍነዋል።

ስለ የሎውስቶን ተኩላዎች አንድ ቃል። በ1995 እና 1996 ተኩላ ወደ ፓርኩ ተመለሰ፣ ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን ቀነሰ፣ አንዳንድ ቦታ ዛፎች አንሰራሩ። ታሪኩ ያምራል፤ ሁሉም ያውቀዋል። ግን በዚያው ጊዜ የሰው አደን ነበር፣ ድቦች ነበሩ፣ የአየሩ ሁኔታም ተለዋውጧል፤ ተኩላ ሳይገባበት የቀረ ሁለተኛ የሎውስቶን ደግሞ የለም። ተመራማሪዎቹም እስካሁን ይከራከሩበታል። መጠቀም ከፈለጋችሁ መጨረሻ አካባቢ፣ «አከራካሪ» ብላችሁ አስገቡት። የድርሰታችሁ ምሰሶ ከሆነ ግን ተቃዋሚው ያንን ብቻ ገፍቶ ሁሉንም ይጥልባችኋል።

ግሦቹን በመጨረሻ አጣሩ

ረቂቁ ሲያልቅ ብዕር ይዛችሁ በግሦቹ ብቻ ላይ እለፉ። ማነጻጸሪያ ያለው ሙከራ ሲሆን «አስከተለ» ማለት ትችላላችሁ። የደሴቶቹ ንጽጽር ሲሆን «ይጠቁማል» ወይም «ከዚህ ጋር ይስማማል» በሉ። «አረጋገጠ» የሚለውን ባትጠቀሙበት እመርጣለሁ፤ ከተጠቀማችሁም የት ቦታ እንደሆነ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ። «ፔይን አሳየ» ብቻውን አይበቃም። «በሙካው ቤይ፣ በአንድ የጸዳ ክፍል» የሚለው አብሮት ይሂድ።

ከዚያ «አዳኞች» የሚለውን ቃል በየገጹ ፈልጉት። ባለበት ሁሉ «የትኛው አዳኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስም መስጠት ከቻላችሁ ስሙን ተኩበት። ካልቻላችሁ ዓረፍተ ነገሩ ከማስረጃችሁ አልፎ ሄዷልና ሰርዙት።